አራት የግድብ ምስሎች፦ የማጣራት ሥራ ማስታወሻ

ሰኞ፣ መስከረም 19 ቀን 2018፣ ማታ

የሠፈራችን ልጆች የቴሌግራም ግሩፕ ከትናንት ጀምሮ በሕዳሴ ግድብ ተሞልቷል። ግድቡ ጳጉሜን 4 ተመርቆ ገና ወሬው ሳይበርድ፣ ሱዳን ውስጥ ዓባይ ዳር ጎርፍ አለ የሚለው ዜና መጣ፤ ዜናውን ተከትሎ ምስሉ ጎረፈ። ግማሹ የግሩፑ ሰው አዲስ አበባ ነው፣ ቀሪው ዱባይና ዋሽንግተን። ዱባይ ያለችው እትዬ በድምፅ መልእክት «ልጄ፣ ግድቡ ሊፈርስ ነው ይላሉ፣ እውነት ነው ወይ?» ብላ ጠይቃኛለች። የግሩፑ አስተዳዳሪ ደግሞ በጣም የተዘዋወሩትን አራት ነገሮች አንድ ላይ ላከልኝና «አይተህ ንገረን፣ እስከዚያ አላጠፋቸውም» አለ።

ስም ሰጠኋቸው። ቪ1 ቡናማ ውሃ ከብዙ ቀዳዳ እየተወረወረ ሲወጣ የሚያሳይ ቪዲዮ ነው፤ ከሥሩ «አሁን! የሕዳሴው በሮች ሁሉም ተከፈቱ» ይላል። ፎ1 ውሃ በግድቡ መሀል ላይ ሲወርድ የሚታይበት ከአየር ላይ የተነሣ ፎቶ ነው። ፎ2 የማስተንፈሻው በሮች በሙሉ ተከፍተው የሚታዩበት ነው። ቪ2 አንድ ሰው በስልኩ የቀረጸው፣ ግማሽ ደቂቃ ገደማ የሆነ ክሊፕ ነው።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልጻፍ፣ ኋላ ክርክር ሲነሣ እንዳይጠፋኝ። እኔ የማጣራው «ሱዳን ውስጥ ጎርፍ አለ ወይ? ምክንያቱስ ማነው?» የሚለውን አይደለም። ያ የውሃ ልኬት ጥያቄ ነው፤ መልሱ ከወንዝ መለኪያ ጣቢያ እንጂ ከቪዲዮ አይገኝም። የእኔ ጥያቄ ጠባብ ነው፦ ይህ ምስል የት ተነሣ? መቼ ተነሣ? ከተነሣ በኋላ ተነካክቷል? ቪዲዮው የሌላ አገር ሆኖ ጎርፉ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ቪዲዮው እውነት ሆኖ ጽሑፉ ውሸት ሊሆንም ይችላል።

በቪ1 ጀመርኩ። ቪዲዮ እንዳለ በምስል መፈለጊያ ውስጥ አይገባም፣ ወደ ፎቶ መቆራረጥ አለበት። ስክሪንሾት ማንሣት ይቻላል፣ ግን የሚደበዝዝ ፍሬም ላይ ይጥላል። ቪዲዮ ሲጨመቅ አንዳንዱ ፍሬም ሙሉ ሆኖ ይቀመጣል፣ የቀረው ከእሱ የተለየው ብቻ ነው የሚመዘገበው። ሙሉዎቹን ብቻ የሚያወጣው ትእዛዝ ይሄ ነው፦

```
ffmpeg -skip_frame nokey -i v1.mp4 -fps_mode vfr kf_%03d.jpg
```

ጥቂት ጥርት ያሉ ፍሬሞች ወጡ። ሙሉውን ፍሬም ለጎግል ሌንስ ስሰጠው «ግድብ»፣ «ፏፏቴ»፣ «ጎርፍ» እያለ የዓለምን ግድብ ሁሉ ደረደረልኝ። የሚጠበቅ ነው፤ የሚፈስ ውሃ የትም አገር አንድ ዓይነት መልክ አለው፣ ምስሉን ደግሞ ሦስት አራተኛ የያዘው ውሃ ነው። ስለዚህ ውሃውን ቆርጬ ጣልኩና የማይንቀሳቀሰውን ብቻ አስቀረሁ፦ ከኋላ ያለውን ኮረብታ፣ የቀዳዳዎቹን ረድፍ፣ ከፊት ያለውን የብረት አጥር። ያኔም ሌላው የምስል መፈለጊያ፣ ቲንአይ፣ ምንም አላገኘም፣ ሌንስም ተመሳሳይ እንጂ ያንኑ አላመጣም።

አጥሩ ላይ ሰዎች ተደግፈው ያያሉ፣ ከፊሎቹ ጃንጥላ ይዘዋል። አንዱ ምሰሶ ላይ ሰሌዳ ተንጠልጥሏል። ሰሌዳውን አጉልቼ ሳየው ፊደል ያለበት ነው፣ ግን የላቲን አይደለም፣ የእኛም አይደለም፣ ዓረብኛም አይመስልም። ደብዛዛ ነው። ነገ በቀን ብርሃን አየዋለሁ።

ማክሰኞ፣ መስከረም 20፣ ጠዋት

ሰሌዳው ቻይንኛ ይመስላል፤ ግን የፊደሎቹ አጣጣል ልክ አልመጣልኝም። የሠፈራችን ልጅ አለ፣ ከቻይና የሥራ ተቋራጮች ጋር በአስተርጓሚነት የሠራ። ስክሪንሾቱን ልኬለት ሁለት ደቂቃ ሳይቆይ ደወለ፦ «ግራና ቀኙ ተገልብጧል እኮ! በመስታወት አይተህ አንብበው።»

ይሄ ነው ፍለጋውን የገደለው። ቪዲዮ ሰርቀው የሚለጥፉ ሰዎች ግራና ቀኙን የሚገለብጡት በዋነኛነት ዩቲዩብና ፌስቡክ የባለቤትነት ጥያቄ በሚያጣሩበት ማሽን እንዳይያዙ ነው፤ የፍለጋ መሣሪያዎችንም አብሮ ያሳስታል። ለቲንአይ የተገለበጠ ፎቶ ሌላ ፎቶ ነው። መልሼ ገለበጥኩት፦

```
ffmpeg -i kf_004.jpg -vf hflip kf_004_flip.jpg
```

ይህን ፍሬም ለያንዴክስ ሰጠሁት። ያንዴክስ በቦታና በሕንፃ ፍለጋ ከሌሎቹ ይሻለኛል፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ግን ደጋግሞ ያገኝልኛል። አሁንም አገኘ። ከመጀመሪያዎቹ ውጤቶች አብዛኞቹ ሲያላንግዲ የሚባለው የቻይና ግድብ ናቸው፣ በሄናን ግዛት፣ ቢጫው ወንዝ ላይ፣ ከሉዎያንግ ከተማ በስተሰሜን።

ስሙን ሳይ ነገሩ ገባኝ፤ ቢጫው ወንዝ በደለል ብዛት የታወቀ ነው። ሲያላንግዲ ላይ ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ አብዛኛውን ጊዜ በሰኔና በሐምሌ፣ ውሃ ሆን ተብሎ በኃይል ይለቀቃል። ዓላማው ከታች ያለውን የወንዙን ወለልና የተኛውን ደለል ጠርጎ ወደ ባሕር መውሰድ ነው። ውሃው የሚወጣው በግድቡ አካል ሳይሆን በጎን ያለውን ኮረብታ ሰንጥቀው በሚያልፉ ዋሻዎች ነው፤ ከዋሻዎቹ አፍ እየተወረወረ አንድ ሰፊ ገንዳ ውስጥ ይወድቃል። ሕዝብ ጃንጥላ ይዞ ለማየት ይወጣል፣ እንደ ትርዒት ነው። ከሞላ ጎደል በየዓመቱ ስለሚደረግ በተደረገ ቁጥር ይቀረጻል፤ ቀረጻው ደግሞ በየዓመቱ የሌላ ግድብ ስም ተለጥፎበት ዓለምን ይዞራል።

ከሰዓት በኋላ

«ይመስላል» ማለት «ነው» ማለት አይደለም። ሁለት ነገር ማሳየት አለብኝ፦ ቦታው ሲያላንግዲ መሆኑን፣ ከዚያም ይኸው ቪዲዮ ራሱ ቀደም ብሎ የተለጠፈ መሆኑን።

ለቦታው የሳተላይት ካርታ ከፈትኩ፦ `34.924, 112.365`። ገንዳው በግልጽ ይታያል፣ ከግድቡ በታች፣ በወንዙ ግራ ዳር። ከላይ የኮረብታው ቅርጽ፣ ከዋሻዎቹ አፍ በላይ የሚያልፈው መንገድ፣ ተመልካቾች የሚቆሙበት ጠርዝ አለ። ቪ1ን መልሼ ከገለበጥኩት በኋላ እነዚህ ሁሉ በተገቢው ጎናቸው ናቸው፤ ሳልገለብጠው ግን መንገዱ በተሳሳተው ወገን ይመጣል። ያም መገለበጡን ለሁለተኛ ጊዜ ያረጋግጣል።

ከዚያ ጉባን ከፈትኩ፦ `11.215, 35.093`። ሕዳሴ የአርማታ ግድብ ነው፣ ዋናው ግድግዳ ወደ 1.8 ኪሎ ሜትር ይረዝማል። በር ያለው ማስተንፈሻ በዋናው ግድብ ግራ በኩል ነው፣ በዋናውና በኮርቻ ግድቡ መካከል፤ ስድስት በሮች አሉት፣ ውሃው ከሐይቁ የላይኛው ክፍል ገብቶ በተዳፋት አርማታ ላይ ይንሸራተታል። ኮረብታ ውስጥ የተሰነጠቀ ዋሻ ረድፍ ይዞ ወደ ገንዳ የሚወረውር ቦታ የለውም። የቪ1ን ቅርጽ የሚቀበል ማእዘን ጉባ ላይ አይገኝም።

ግሩፑ ውስጥ አንዱ «ውሃው ቡናማ ስለሆነ የእኛ አይደለም፣ የእኛ ከሐይቅ ስለሚወጣ ይጠራል» ብሎ ጽፏል። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ደለል በሐይቅ ውስጥ ይሰክናል፣ ከላይ የሚለቀቅ ውሃም ብዙ ጊዜ ይነጣል። ግን በዚህ ብቻ ፍርድ አልሰጥም። ዓባይ በክረምት ምን ያህል አፈር እንደሚያወርድ የማያውቅ የለም፣ ጥልቅ ካለው መውጫ የሚለቀቅ ውሃም ሊደፈርስ ይችላል፣ የስልክ ካሜራም ቀለም ይቀይራል። ቀለም ጥርጣሬ ይጭራል እንጂ አይፈርድም። ለፍርድ የሚሆነው የማይንቀሳቀስ ነገር ነው፤ አርማታ፣ ዐለት፣ መንገድ።

ማታ

አሁን ሁለተኛው ሥራ፣ የቀድሞውን ቅጂ ማግኘት። እዚህ ላይ አስተርጓሚው ጓደኛዬ ረዳኝ። በእንግሊዝኛ ብፈልግ የሚመጣው የተሰረቀው ቅጂ ነው፤ በተነሣበት አገር ቋንቋ ሲፈለግ ወደ ምንጩ ይቀርባል። የሰጠኝ ቃል `小浪底 调水调沙` ነው፣ የግድቡ ስምና የዚያ ደለል መጥረጊያ ሥራ መጠሪያ። በዚህ ቃል ስፈልግ በየዓመቱ የተቀረጸ ቪዲዮ መዓት መጣ።

መዓቱ ራሱ ችግር ነው። ውሃው በየዓመቱ አንድ ዓይነት ነው፣ ቦታውም አንድ ነው፤ ታዲያ የእኔ የትኛው ነው? ውሃውን ትቼ ሰዎቹን ያዝኩ። ቪ1 ላይ ቢጫ ጃንጥላ የያዘች ሴት ከግራ ወደ ቀኝ ታልፋለች፣ ከኋላዋ ሕፃን ትከሻው ላይ የተሸከመ ሰው ስልኩን ከፍ ያደርጋል። ይህ ቅደም ተከተል በሁለት ቪዲዮ ውስጥ በአጋጣሚ አይደገምም። አገኘሁት፤ በሐምሌ 2015 የተለጠፈ ነው፤ እዚያ ሴትዮዋ ከቀኝ ወደ ግራ ነው የምታልፈው፣ ሰሌዳውም ቀጥ ብሎ ይነበባል። ይሄኛው ከእኛው ረዘም ይላል፤ የእኛ መሀሉ ተቆርጦ የወጣ ነው።

ድምፁም አለ። በእኛ ቅጂ ላይ ከላይ የሀገር ፍቅር ዘፈን ተጭኖበታል፣ የሰዎቹ ድምፅ አይሰማም። በቀድሞው ላይ ግን ሰዎቹ ያወራሉ፤ ጓደኛዬ ሰምቶ «ውሃው እንዴት ብዙ ነው! እያሉ ነው፣ ሌላ ቁም ነገር የለውም» አለኝ። ቪዲዮ ላይ ዘፈን ሲጫን ሁልጊዜ የመጀመሪያውን ድምፅ መፈለግ ልማዴ ነው። ዘፈኑ ለማሳመር ሊሆን ይችላል፣ ቋንቋ ለመደበቅም ሊሆን ይችላል።

በሐምሌ 2015 መለጠፉ ቪዲዮው በዚያን ቀን ተነሣ ማለት አይደለም፤ ያኔም ከሌላ ተወስዶ ሊሆን ይችላል። የሚያረጋግጠው አንድ ነገር ነው፣ ከዚያ በኋላ አለመነሣቱን። ለ«አሁን!» የሚለው ጽሑፍ ግን ይህ ከበቂ በላይ ነው።

ቪ1፦ የሌላ ቦታ ቪዲዮ፣ ግራና ቀኙ ተገልብጦ፣ ድምፁ ተቀይሮ።

ለእትዬ በድምፅ መለስኩላት፦ «እትዬ፣ ቻይና ነው፣ ያውም የድሮ።» «ተመስገን» ብላ ወዲያው ለሌላ ሰው ልታስተላልፍ ሄደች።

ረቡዕ፣ መስከረም 21፣ ጠዋት

ፎ1 ከቪ1 የሚከብደው ቦታው እውነት ስለሆነ ነው። የሕዳሴ ግድብ ነው፤ ግድግዳው፣ ሸለቆው፣ ከኋላ ያሉት ኮረብቶች ሁሉ ልክ ናቸው። በቦታ ማጣራት ያቆመ ሰው «እውነተኛ» ብሎ ያልፈዋል። ጥያቄው መቼ ነው።

መጀመሪያ ፋይሉን አየሁት። ስሙ `photo_2025-09-28_21-14-07.jpg` ነው፤ አንዳንዱ ሰው ይህን አይቶ «ይኸው ቀኑ ተጽፏል» ይላል። ይህ ቴሌግራም ፎቶውን ሲያስቀምጥ ራሱ የሚሰጠው ስም ነው፣ ከመነሣቱ ጋር አይገናኝም። በዋትስአፕም እንደዚያው ነው፤ `IMG-20250928-WA0011.jpg` የሚለው ቀን ፎቶው ስልኩ ላይ የደረሰበት ወይም የተላከበት እንጂ ካሜራው የተጫነበት አይደለም። ካሜራው ያስቀመጠውን መረጃ ሁለቱም አፕ ፎቶ ሆኖ ሲላክ ይነቅሉታል። የፋይል መረጃ በሚያነበው `exiftool` ከፈትኩት፦ ስፋት፣ ቁመት፣ ሌላ ባዶ። ባዶ መሆኑም የማጭበርበር ምልክት አይደለም፤ በቴሌግራም ፎቶ ሆኖ የተላከ ሁሉ ባዶ ነው።

ስለዚህ ቀኑን ግድቡ ራሱ ይንገረኝ። ሕዳሴ ሲሠራ የመሀሉ ክፍል ከጎንና ከጎኑ ዝቅ ብሎ ቆይቷል፣ ክረምት ሲመጣ ውሃው በዚያ ላይ እንዲያልፍ። ሙሌት በተደረገ ቁጥር መሀሉ ከፍ ይላል። በመጀመሪያው ሙሌት፣ ሐምሌ 2012፣ ሐይቁ ከባሕር ጠለል በላይ 565 ሜትር አካባቢ ነበር። በነሐሴ 2014፣ በሦስተኛው፣ 600 ሜትር ተባለ። ሙሉ ሲሆን 640 ሜትር ነው። እንግዲህ በ2012 እና በ2018 መካከል የ75 ሜትር ልዩነት አለ፤ ከሃያ ፎቅ በላይ ነው፣ ከአየር በተነሣ ፎቶ ላይ የሚያመልጥ አይደለም።

ጥንቃቄ የሚያስፈልገው እዚህ ነው። «ውሃው በመሀል ከወረደ የድሮ ነው» የሚል አቋራጭ ግሩፑ ውስጥ አይቻለሁ። የተጠናቀቀው ግድብም መሀሉ ላይ በር የሌለው ማፍሰሻ አለው፣ ሐይቁ ሲሞላ ውሃ ሊያልፍበት ይችላል። ስለዚህ ውሃው በመሀል መውረዱ ቀን አይናገርም። የሚናገረው መሀሉ ከጎኖቹ ምን ያህል ዝቅ እንዳለ ነው። በፎ1 ላይ መሀሉ በጣም ዝቅ ያለ ነው፣ ሁለቱ ጎኖች እንደ ትከሻ ቆመዋል፣ በጎኖቹ ላይ የግንባታ ማማ ክሬኖች አሉ፣ ከግድግዳው ሥር ደግሞ መወጣጫ ተተክሏል።

ሐይቁን ለማወዳደር ኮፐርኒከስ ብራውዘር ገባሁ፣ ነፃ ነው፣ የሴንቲነል-2 ሳተላይት ፎቶ በየ5 ቀኑ ገደማ ይገኝበታል፣ አንዱ ነጥብ 10 ሜትር ነው። ክረምት ላይ ግን ደመና ብቻ ነው የሚታየው፤ ሐምሌና ነሐሴ ጉባ ላይ ነጭ ጥጥ ነው። መፍትሔው ሴንቲነል-1 ነው፣ በራዳር ስለሚሠራ ደመናን አልፎ ያያል፤ ጸጥ ያለ ውሃ በራዳር ጥቁር ሆኖ ይወጣል፣ የሐይቁ ጠርዝ በመቀስ የተቆረጠ ይመስላል። በፎ1 ላይ ከግድቡ ኋላ ውሃው ገና የወንዙን ሸለቆ ተከትሎ ቀጭን ነው፣ ከጎኑ ያሉት ኮረብቶች ከመሬት ጋር የተያያዙ ናቸው። የዘንድሮው የንጋት ሐይቅ ግን ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ሰፊ ነው። የ2012 ክረምት የራዳር ምስል ከፎ1 ጋር ይገጥማል፣ የዘንድሮው በፍጹም።

በምስል ፍለጋም ይኸው ፎቶ በ2012 ክረምት በወጡ ዜናዎች ላይ ተገኝቷል። እዚህ ቲንአይ ጠቀመኝ፣ ውጤቱን ከአሮጌው ጀምሮ ደርድር የሚል ምርጫ ስላለው።

ፎ1፦ እውነተኛ ፎቶ፣ ትክክለኛ ቦታ፣ የተሳሳተ ቀን። ያልተነካካ ነው፣ የዋሸው ከሥሩ የተጻፈው ነው።

ሐሙስ፣ መስከረም 22፣ ማታ

ፎ2 ላይ ብዙ አልቆየሁም፣ ቆጠርኩ። ማስተንፈሻው በፎቶው ላይ ስምንት በር አለው። በጎግል ኧርዝ ከላይ ሆነው በምሰሶዎቹ መካከል ያሉትን በሮች የቆጠሩ እንደሆነ ስድስት ናቸው። ሁለት በር ከየት መጣ?

ሦስተኛውንና አምስተኛውን በር አጉልቼ ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው። የአረፋው ቅርጽ አንድ ነው፣ የሚረጨው ጠብታ አንድ ነው፣ ምሰሶው ላይ ያለችው የዝገት መሰል ጭረት እንኳ በሁለቱም አንድ ቦታ ላይ ነች። አራተኛውና ስድስተኛውም እንደዚያው። የሚፈላ ውሃ በአንድ ቅጽበት በሁለት ቦታ አንድ ዓይነት ቅርጽ አይሠራም። ሁለት በሮች አብረው ተቀድተው ከጎናቸው ተለጥፈዋል፣ ረድፉም ረዘመ። ቦታ ለማግኘት በቀኝ በኩል የነበረው ኮረብታ ተቆርጧል፤ ባለ ስድስት በሩ የመጀመሪያው ፎቶ በሌላ ገጽ ላይ ሲገኝ ኮረብታው እዚያ አለ።

አንዱ የግሩፑ ልጅ «ለምን ያን የተቀናበረውን ቦታ የሚያበራውን ድረ ገጽ አትጠቀምም?» አለኝ። የሚለው ፎቶውን እንደገና ጨምቆ የጭመቃ ልዩነቱን በብርሃን የሚያሳየውን ዘዴ ነው። ከካሜራ በቀጥታ በመጣ ፋይል ላይ አንዳንዴ ይረዳል። ቴሌግራም ያለፈበት ፎቶ ግን ሁሉም ክፍሉ እንደ አዲስ አንድ ላይ ስለተጨመቀ የቆየው ልዩነት ተጠርጓል፤ የሚያበራው ጠርዝና ጽሑፍ ያለበት ሁሉ ነው። በዚያ መንገድ ንጹሕ ፎቶ «የተቀናበረ» ሲባል ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ድጋሚ የተቀዳን አረፋ ለማግኘት ዓይንና ትዕግሥት ይበቃል።

ፎ2፦ የተቀናበረ። መነሻው እውነተኛ የማስተንፈሻው ፎቶ ነው።

ዓርብ፣ መስከረም 23

ቪ2 ላይ ግሩፑ ከሁሉም በላይ ተጠራጥሯል፣ ምናልባትም ሌሎቹ ስላቃጠሏቸው። «ይሄም ቻይና ነው» የሚል አስተያየት ከሥሩ ሞልቷል። እኔ እስካሁን ያገኘሁት ግን የሚያስጠረጥር ነገር የለውም፤ ስድስት በር፣ በግራ በኩል የኮርቻ ግድቡ መነሻ፣ የሰዎቹ ወሬ አማርኛ። በምስል ፍለጋ ከዚህ ሳምንት የቀደመ ቅጂ አልተገኘም። አለመገኘቱ ግን ማስረጃ አይሆንም፣ ፍለጋ ያላገኘው ብዙ ነገር አለ።

ምንጩን መፈለግ ይሻላል ብዬ ማን ቀድሞ ግሩፑ ውስጥ እንደለጠፈው ጠየቅኩ። አንድ አባላችን ነው፤ የቀረጸው ደግሞ ለሥራ ጉባ የወረደ አማቹ። «ጋሼ፣ የመጀመሪያውን ፋይል ይላኩልኝ፣ በቪዲዮ ሳይሆን ‹እንደ ፋይል› የሚለውን መርጠው» አልኳቸው። በዚያ መንገድ ሲላክ ቴሌግራም አይጨምቀውም፣ መረጃውንም አይነቅልም። ማታ ደረሰኝ።

```
exiftool -CreateDate VID_20250928_094103.mp4
Create Date : 2025:09:28 06:41:38
```

የፋይሉ ስም 9:41 ይላል፣ ውስጡ 6:41። ይህን አይቶ «ሰዓቱ ተነካክቷል» የሚል ሰው እንደሚመጣ ስለማውቅ ላስረዳ። ስልኩ ስሙን የሚሰጠው በአካባቢው ሰዓት ነው፤ በቪዲዮው ውስጥ የሚጻፈው ግን የዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት ነው፣ ከእኛ በ3 ሰዓት ወደኋላ የሚል። 6:41 ላይ 3 ሲጨመር 9:41 ይሆናል፣ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 3:41። ገጠመ። በሰከንዶቹ መካከል ያለው ልዩነት ደግሞ የቀረጻው ርዝመት ነው፣ ብዙ ስልክ ይህን መረጃ የሚጽፈው ቀረጻው ሲያበቃ ስለሆነ።

መረጃውን በትእዛዝ መቀየር ስለሚቻል ሌላ ምስክር ፈለግኩ፦ ጥላ። በክሊፑ ላይ አንድ ሰው ሜዳው ላይ ቀጥ ብሎ ቆሟል፣ ጥላውም በግልጽ ይታያል። በፍሬሙ ላይ ስለካው ጥላው ከቁመቱ ጋር እኩል ሊሆን ምንም አልቀረውም፣ ይህም ፀሐይዋ ወደ 45 ዲግሪ ከፍታ ላይ ናት ማለት ነው። በሳተላይት ካርታው ላይ የግድቡን አቅጣጫ ይዤ ሳመሳክረው ጥላው የሚወድቀው ወደ ምዕራብ፣ ትንሽ ወደ ሰሜን ያዘነበለ ነው። የፀሐይን ከፍታና አቅጣጫ የሚያሰላው ሰንካልክ ላይ የጉባን ቦታ፣ ቀኑንና 9:41ን ሳስገባ ፀሐይ 46 ዲግሪ አካባቢ፣ ከምሥራቅ ትንሽ ወደ ደቡብ ይላል። ካሜራው በትክክል ከጎን ስላልቆመ የእኔ ልኬት ጥቂት ዲግሪ ሊሳሳት ይችላል፣ የከሰዓት በኋላ አለመሆኑ ግን የታወቀ ነው።

ጥላ ዓመት አይናገርም። የዛሬ ዓመትም በዚሁ ቀን በዚሁ ሰዓት ጥላው ያው ነው፣ በመጋቢት መጀመሪያ አካባቢም ተቀራራቢ ይሆናል። ዓመቱን የያዝኩት በፋይሉ መረጃና በግንባታው ሁኔታ ነው፤ ክሬን የለም፣ ግድግዳው አልቋል።

ቪ2፦ ቦታው ተረጋግጧል። ሰዓቱ በሁለት መንገድ ገጥሟል። ቀኑ በፋይሉ መረጃ የተደገፈ ነው፣ የሚቃረነው አልተገኘም። ከሥሩ «ግድቡ ሊፈርስ ነው» የሚለው ጽሑፍ ከክሊፑ ጋር አይገናኝም፤ የሚታየው በማስተንፈሻ የሚያልፍ ውሃ ነው፣ ማስተንፈሻውም የተሠራው ለዚሁ ነው።

አራቱንም ከማስረጃዎቻቸው ጋር ለአስተዳዳሪው ላክሁ። ቪ1 እንዳይጠፋ፣ ግን በላዩ ከቀድሞው ቅጂ ጋር ጎን ለጎን የተሠራው ማነጻጸሪያ ይለጠፍበት አልኩት። ሊተኛ ሲል ጻፈልኝ፦ ያው ቪ1 በሌላ ግሩፕ መጥቷል፣ አሁን ሳይገለበጥ፣ የአስዋን ግድብ ተብሎ። ማነጻጸሪያው ለዚያም ይሠራል፣ ሰሌዳው የሚነበብ ስለሆነ እንዲያውም ይቀላል። ርእሱን ብቻ ቀይሬ ላክሁለት።